አራተኛው ኢሜይል

የምኖረው ማንም ያልጠበቀውን ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ስሙ ኮልድ ኢሜይል ነው፤ የማያውቅህ ሰው ዘንድ በጽሑፍ ሄደህ ያላሰበውን ነገር እንዲያስብበት ማድረግ። አባቴ ሥራዬን ለጎረቤት ሲያስረዳ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለውን በደመወዝ ትሠራዋለች» ይል ነበር። ይስቃሉ። እኔም እስቅ ነበር፤ ምን አደርጋለሁ፣ እውነቱን ነው።

እሱ ሚዛን ጠጋኝ ነው። የአትክልት ሱቁን፣ የሥጋ ቤቱን፣ የዳቦ ቤቱን ሚዛን ይፈታል፣ ያጸዳል፣ ያስተካክላል። ሲጨርስ የአንድ ኪሎውን የመመዘኛ ብረት ሳህኑ መሃል ላይ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ወደ አራቱም ማዕዘን እያዞረ ያየዋል። አምስቱም ቦታ አንድ ዓይነት ቁጥር ሲመጣ «ትክክል!» ይላል፣ መንገድ ላይ እስኪሰማ። ከዚህ የተነሳ ሰፈሩ ስሙን ረስቶ ጋሽ ትክክል ይለዋል።

የሚያውቁት ነጋዴዎች ግን አንድ በአንድ አለቁ። አንዱ ሞተ፣ አንዱ ሱቁን ሸጠ፣ አንዱ ለልጁ አስረከበ፤ ልጅየው ደግሞ ጋሽ ትክክልን ከየት ያውቀዋል? አባቴ ዎርክሾፑን ጠዋት ይከፍታል፣ ንጹሕ ብረት እንደገና ይወለውላል፣ ማታ ይዘጋል። ታላቅ ወንድሜ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። መጣና ነገሩን ቆረጠው። ተቆጣጣሪዎች በየሱቁ ዞረው ሚዛን የሚፈትሹበት ጊዜ በዓመት አንዴ ነው፣ ሥራ ካለ ያኔ ነው ያለው፤ ዘንድሮም ያ ጊዜ ባዶውን ካለፈ ዎርክሾፑ ይዘጋል፣ አባዬም እሱ ቤት ይገባል አለ። አባቴ ሳይከራከር «ደግ» አለ። እኔን ያስፈራኝ አለመከራከሩ ነው። አባዬ የወንድሜ ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ከልጅ ልጆቹ ጋር ካርቱን ሲያይ ታየኝ። ለማላውቃቸው ሰዎች ስጽፍ ስንት ዓመቴ ነው፣ ለገዛ አባቴማ እንዴት ያቅተኛል አልኩ።

ዝርዝሩን ለመሥራት ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ከኢንተርኔት በጅምላ ብሰበስብ ግማሹ የማይሠራ አድራሻ ይሆናል፤ የማይሠራው ሲበዛ ደግሞ ላኪው ይጠረጠርና ደህናው ደብዳቤም ከቆሻሻው ጋር ይጣላል። ስለዚህ በእግሬ ዞርኩ። ባለ ሱቆቹ ራሳቸው በማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በደረሰኝ ግርጌ፣ በበር መስታወት ላይ ያወጡትን አድራሻ ቀዳሁ። ብርቱካንም፣ ሳሙናም፣ የማልፈልገውን ምስማርም ገዛሁ፤ የሚመዝኑበትን ለማየት። አርባ አምስት ሱቅ ሆነ። ከእያንዳንዱ ጎን ያየሁትን አንድ ነገር ጻፍኩ፤ ያ አንድ ነገር ከሌለ ደብዳቤው ለሁሉም የተባዛ ወረቀት ነው።

የመጀመሪያው ኢሜይል ለአትክልት ሱቋ ባለቤት እንዲህ የሚል ነበር። «ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ባለፈው ሳምንት ከእርስዎ ብርቱካን ገዝታ ነበር፤ ሚዛንዎ ሳህኑ ባዶ ሆኖ አራት ግራም ያሳያል አለችኝ። እኔ በዚሁ ሰፈር አርባ ዓመት ሚዛን ያስተካከልኩ ሰው ነኝ። ተቆጣጣሪዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ሩብ ሰዓት ሰጥተውኝ ልየው? ካልፈለጉ ‹ይቅር› ብለው ይመልሱልኝ፣ ዳግመኛ አልጽፍልዎትም።» ከታች ስሙና ስልኩ። ሳነብለት መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ሰማኝ።

«ይሄ እኔው ነኝ» አለ። «በይ ላኪው።»

አንድ ደብዳቤ ግን ደብዳቤ አይደለም። ሰው ያነበዋል፣ «በኋላ» ይላል፣ ደንበኛ ይመጣበታል፣ ይረሳዋል። ስለዚህ ተከታዮቹን አብሬ ሠራሁ። መሥሪያ ቤት ሁለተኛውን የምንልከው ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ባለ ሱቅ ግን ኢሜይሉን በሳምንት አንዴ ከከፈተ ትልቅ ነገር ነውና አንድ ሳምንት ሰጠሁ። ሁለተኛ ደብዳቤ «የፊተኛው ደርሶዎት ይሆን?» ብሎ ከጀመረ አለቀለት፤ አንድ ጠቃሚ ነገር ይዞ መሄድ አለበት። እኔ የአባቴን ዘዴ አስያዝኩት። አንድ ዕቃ በሳህኑ አራት ማዕዘን እያዞሩ ይመዝኑ፣ ቁጥሩ ከተለያየ ሚዛኑ ታሟል። ሦስተኛው ከሌላ ሳምንት በኋላ፣ አንድ መስመር ተኩል፤ «ሰኞ ይሻልዎታል ወይስ ሌላ ቀን?» ከዚያ ሁለት ሳምንት ዝም፣ ከዚያ አራተኛው፣ የስንብቱ። ስንብት ደንብ አለው፤ የመጨረሻ መሆኑን ትናገራለህ፣ ለምን አልመለስክልኝም ብለህ አትወቅስም፣ በሩን ግን ገርበብ አድርገህ ትተወዋለህ፤ «በሌላ ጊዜ ካስፈለግኩ ስልኬ ይኸው»።

መላኪያው ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት፣ የጠዋቱ ግርግር ሲቀዘቅዝ፤ በቀን አሥራ አምስት ብቻ። በኢሜይል ለመለሰ ሰው የምልክበት ፕሮግራም ራሱ መላኩን ያቆማል። በስልክ የተነገረውን ግን አይሰማም።

«ስለዚህ አባዬ፣ ደውሎ ያናገረህ ሰው ካለ ንገረኝ። ከዝርዝሩ አወጣዋለሁ።»

«ለምን?»

«ለተስማማ ሰው ድጋሚ አይጻፍማ።»

«ደግ» አለ።

የመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሰው «ይቅር» አለ፣ ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ ደውሎ አዲስ ሚዛን ስለ ገዛሁ አያስፈልገኝም አለ። አባቴ ነገረኝ፣ ዳቦ ጋጋሪውን አወጣሁት። ሥርዓቱ በትክክል የሠራው በዚያ ሳምንት ብቻ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት አባቴ የደም ግፊት ኪኒኑን ሊገዛ ሄደ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት የልጅነት ጓደኛው ነው፤ አንድ ቀልድ ካገኘ ደግሞ ሰው ተሰልፎም ቢሆን አያልፈውም። «ጋሽ ትክክል! በስተርጅና ደጅ ጥናት ጀመርክ እንዴ? ሁለተኛ ደብዳቤህም ደረሰኝ እኮ!» አለው በሰው ፊት። አባቴ ኪኒኑን ረስቶ ተመለሰ።

«ለአንድ ሰው ስንት ደብዳቤ ነው የምትልኪው?»

«አራት።»

«አራት! አንድ በር አራት ጊዜ ይንኳኳል? የሰው በር ነው የእስር ቤት?»

«አባዬ፣ የመጀመሪያውን ሁሉም ሰው አያነበውም…»

«ያላነበበው አልፈለገኝም ማለት ነው። ይሄ ልመና ነው። እኔ ሠርቼ እንጂ ለምኜ አላሳደግኳችሁም። አቁሚው።»

«እሺ አባዬ።»

«ዛሬ!»

«ዛሬ፣ እሺ አልኩህ።»

ማቆሚያውን ተጫንኩት፣ ይህን መካድ አልፈልግም። አንድ ሌሊት ቆመ። በማግስቱ ቢሮ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። በእኛ ሥራ አብዛኛው መልስ የሚመጣው ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ነው። አሁን ካቆምኩት አባቴ ኩራቱን ይዞ ሶፋው ላይ ይቀመጣል። መልሼ አስነሳሁት። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ይባላል፤ የእኔው እሺ ግን ባዶ ነበር። ነገር እንዳይወጣ ቀልደኛውን ባለ መድኃኒት ቤት ከዝርዝሩ ሰረዝኩት። እንዲህ ያለውን ብልጠት ማን አስተማረኝ? ማንም፤ የራሴ ነው።

ኅሊናዬን ለማባበል ደግሞ አራተኛውን ደብዳቤ ከፍቼ የልመና ሽታ ያለውን ሁሉ አወጣሁ። «በሌላ ጊዜ ካስፈለግኩ» የሚለውን ቆረጥኩ። ስልኩን ከግርጌው አነሳሁ። አባዬ ልመና አይወድም፣ እንግዲያው እንደ ኩሩ ሰው ይሰናበት ብዬ። የቀረው ይኸው ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ይህ የመጨረሻ ደብዳቤዬ ነው። ጊዜዎን ስለ ሰጡኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ከእንግዲህ አልጽፍልዎትም፣ አላስቸግርዎትምም። በሌላ ሰው እጅም ቢሆን ሚዛንዎ ሁልጊዜ እውነት እንዲናገር እመኛለሁ። ሥራዎ ይባረክ።»

አምስት ጊዜ ጻፍኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር ጽፌ አላውቅም።

በሦስተኛው ሳምንት የአባቴ ስልክ መጥራት ጀመረ። ይዞት ወደ ደጅ ይወጣል፣ ድምፁ ይሰማኛል፤ «እሺ… እሺ እመቤቴ… ተቆጣጣሪዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ባለው ሰኞ እመጣለሁ።» ሲመለስ ፊቱ ወጣት ሆኗል። አንድ ማታ እራት ላይ ማንኪያውን እያወዛወዘ «አየሽ? አንዱ ደብዳቤ ይበቃ ነበር። ሰው ያሰበውን ይዞ ቆይቶ ነው የሚደውለው» አለኝ።

«ስንት ሰው ደወለ?» አልኩ እንደ ዋዛ።

«ልታውጂው ነው? ያልተሠራ ሥራ አይወራም።»

«ማን ማን እንደሆኑ ብቻ ብትነግረኝ…»

«ለምንሽ?»

ከዝርዝሩ ላወጣቸው ብል «ከየትኛው ዝርዝር? አቁሚው አላልኩሽም?» ይለኛል። ሳህኖቹን ማንሳት ጀመርኩ። ከአርባ አምስቱ አንድ ሁለት ሰው ቢደርሰው ምን ይሆናል፣ የስንብት ደብዳቤ አይጎዳም ብዬ ራሴን አታለልኩ። አባቴ በቀኝ ኪሱ አጥፎ የያዘው ወረቀት ላይ ሰባት ስም እንደነበረ ያወቅኩት በኋላ ነው። ሰባቱ ደግሞ ይበቁ ነበር፤ ወንድሜ «ዘንድሮ ባዶ ካልሆነ ይቀጥል» ብሎ ቃል ሰጥቶ ነበርና።

አራተኛው ኢሜይል የወጣው በአምስተኛው ሳምንት ነው። የስንብት ደብዳቤ ብዙ መልስ እንደሚያመጣ እኛ እናውቃለን፤ ሰው የሚነቃው ሲሄዱበት ነው። ሐሙስ ከሰዓት ቢሮ ሆኜ ሳጥኑን ስከፍት አሥራ አንድ መልስ ተደርድሯል። በደስታ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ። የመጀመሪያውን ከፈትኩ። «ጋሽ ትክክል፣ በስልክ ስናወራ ሥራ ማቆምዎን አልነገሩኝም፤ ሳነበው ሆዴ ባባ። መልካም የዕረፍት ጊዜ።» ሁለተኛው፤ «ለሰኞ ሌላ ሰው ጠርተናል፣ አይጨነቁ። ስላሳወቁን እናመሰግናለን።» ሦስተኛውንም ከፈትኩ፣ አራተኛውንም። ሁሉም ያመሰግናሉ። ሁሉም ይመርቃሉ። አንድም የሚቆጣ ሰው የለም፣ የሚቆጣ ቢኖር እንዴት ደስ ባለኝ።

ደረጃው ላይ ወጥቼ ለአትክልት ሱቋ ባለቤት ደወልኩ። «ልጃቸው ነኝ፣ ደብዳቤው በስሕተት…» ብዬ ሳልጨርስ «አይዞሽ እሱ ችግር የለውም! ሌላ ባለሙያ ዛሬ ጠዋት መጥቶ ጨረሰው። ፍተሻው ደረሰ፣ ምን ላድርግ? አባትሽን በርቱ በይልኝ» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሌሎቹ ጋ መደወል አቃተኝ።

ከሐሙስ እስከ ሰኞ አራት ቀን ነበረኝ። ዓርብ «ነገ እነግረዋለሁ» አልኩ። ቅዳሜ ወንድሜ ደወለና አባቴ በስልክ «ዘንድሮ ቆይ ታያለህ» ሲለው ሰማሁ። እሑድ ብረቶቹን በነጭ ጨርቅ እየጠቀለለ ሳጥኑ ውስጥ ደረደረ፣ ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ። እኔ በዙሪያው እንደ ዝንብ እዞራለሁ፣ አፌ ግን አይከፈትም። ፈሪ ነኝ፤ ይህን ለማንም ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም። ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ «ሳጥኑን እኔ እይዝልሃለሁ» አልኩት። መንገድ ላይ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ደስ ብሎት ያወራኛል፣ እኔ «እእ» እላለሁ፤ እንዲህ ሆነን አትክልት ሱቋ ደረስን።

ሴትየዋ ስታየን ቲማቲም የያዘ እጇ ቆመ። ሚዛኑ ላይ የሐሙስ ቀን የተጻፈበት አዲስ ተለጣፊ አለ፣ የሌላ ሰው ስም ያለበት። አባቴ ጎንበስ ብሎ አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ አያት፤ አልተቆጣም፣ ግራ ነው የገባው።

«ሰኞ ተባብለን አልነበረም እንዴ እመቤቴ?»

«ጋሽ ትክክል!» አለች፤ «ደብዳቤውን ካነበብኩ በኋላማ እንዴት ብዬ እጠብቅዎታለሁ? ተሰናብተውን የለ?»

«የቱን ደብዳቤ?»

ስልኳን ከመደርደሪያ አንስታ ሰጠችው። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ቀስ ብሎ አነበበ፤ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እኔ የሳጥኑን እጀታ በሁለት እጄ ይዤ ቆሜያለሁ። ግርጌው ላይ የገዛ ስሙ ጋ ሲደርስ ቆመና አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወደ እኔ ዞረ። ስልኩን መለሰላት።

«እርስዎ አይደሉም እንዴ የጻፉት?» አለች ሴትየዋ፣ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየች።

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ። «ሌላ ማን ይጽፈዋል? ብቻ ስንብት በወረቀት ብቻ አይሆንም ብዬ ነው የመጣሁት። በእጄ ልጨብጥሽ ብዬ።»

እጇን ጨበጣት። ሴትየዋ ዓይኗን በሽርጧ ጠርጋ ብርቱካን በፌስታል ሞላችልን። በተስተካከለው ሚዛን ሳትመዝነው ሰጠችን።

ውጪ ስንወጣ «አባዬ» አልኩ። እሱ ከኪሱ ወረቀቱን አወጣ፣ የመጀመሪያውን ስም በጥፍሩ ጫረበት፣ ሁለተኛውን አነበበ፣ ወደዚያው ሄደ። እኔ ሳጥኑን ይዤ ተከተልኩት። ለሁለተኛው ሱቅ፣ ለሦስተኛው፣ እስከ ስድስተኛው ያንኑ ነገር በዚያው ድምፅ ተናገረ፤ «ልሰናበታችሁ ነው የመጣሁት።» ብረቶቹን ማንም አላያቸውም። ከባድ ነበሩ፣ ትከሻዬ ተቆረጠ፣ ግን ላሳርፍ ብዬ መናገር አልደፈርኩም።

የመጨረሻው ሥጋ ቤቱ ነው። ሥጋ ቆራጩ እጁን በፎጣ እየጠረገ መጣና «ደብዳቤዎን አይቼ አዝኜያለሁ ጋሽዬ። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔ ሌላ ሰው ገና አልጠራሁም። ይኸው ሳጥኑንም ይዛችሁ መጥታችኋል። ከመጡ አይቀር አንዴ አይተውልኝ ይሂዱ!» አለ። ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀምጬ መክፈቻውን ያዝኩ። አንድ ሱቅ እኮ ባዶ አይደለም፤ ወንድሜ ያለው ባዶ ካልሆነ ነው።

«ዝጊው» አለኝ አባቴ።

«አባዬ፣ እባክህ…»

«ዝጊው አልኩሽ።» ወደ ሥጋ ቆራጩ ዞረ። «በቃኝ ብዬ ጽፌ ሰጥቻችሁ የለ? አንድ ሚዛን ለአንድ ዕቃ ዛሬ አንድ ቁጥር፣ ነገ ሌላ ቁጥር ከሰጠ ይጣላል። የአትክልት ሱቋን ሚዛን የሠራውን ባለሙያ ጥራው፣ ሥራውን አይቻለሁ፣ ጎበዝ ነው።»

መንገድ ላይ ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ። ሳጥኑን አስቀመጥኩና ሰው እያየኝ አለቀስኩ። «ተመልሼ እነግራቸዋለሁ! ለሁሉም እነግራቸዋለሁ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ እሱ አያውቅም እላለሁ!»

«ምን ብለሽ?» አለ፤ ድምፁን እንኳ አላነሳም። «አባቴ አቁሚ ሲለኝ እሺ ብዬ ዋሸሁት፣ በስሙም ጻፍኩ ብለሽ? ሥራዬ በራሱ ጊዜ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር። የአንቺ ስም ገና ብዙ ዘመን አለው። ተይው።»

«እኔኮ እንዳትሄድ ብዬ ነው…»

«አውቃለሁ።» ጎንበስ ብሎ የሳጥኑን አንድ እጀታ ያዘ፣ ሌላውን እንድይዝ ጠበቀኝ። ጥቂት እንደሄድን ፊቱን ሳያዞር «ደብዳቤው ግን አምሯል» አለ። «እኔ ብጽፈው እንደዚያ አላሳምረውም ነበር።»

ቅዳሜ ወንድሜ በፒካፕ መጥቶ አባዬን ወሰደው።